ውስልትና ከተደረሰበት በኋላ፦ ለመቆየትም ለመለየትም የሚያበቃ የሦስት ወር መንገድ

የትዳር ጓደኛ ሌላ ሰው እንደያዘ በታወቀ ማግስት ከየአቅጣጫው የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ ምን ልትወስኝ ነው?» በዚያ ሳምንት የሚሰጥ መልስ ግን ብዙ ጊዜ አይጸናም። «ዛሬውኑ እፈታዋለሁ» ያለች በወሩ ትመለሳለች፤ «ለልጆቼ ስል ይቅር ብያለሁ» ያለችም በዓመቱ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ሳምንት የሚታወቀው ያለፈው ጥፋት ብቻ ሲሆን፣ አብሮ መኖር ይቻል እንደሆነ የሚያሳየው የወሰለተው ሰው ከተጋለጠ በኋላ የሚያደርገው ነው። ለሁለት ዓመት የዘለቀ ግንኙነት እውነቱ በሙሉ ወጥቶ ትዳሩ ሲጠገን ይታያል፤ የሁለት ወር ግንኙነት ደግሞ በውሸት ላይ ውሸት ተጨምሮበት ቤት ሲያፈርስ ይታያል።

ስለዚህ ውሳኔውን ለሦስት ወር ያቆዩትና እነዚያን ወራት በሚታይና በሚለካ ነገር ይሙሏቸው። ድብደባ ወይም የግድያ ዛቻ ባለበት ቤት ይህ አይሠራም። እዚያ መጀመሪያ ከልጆች ጋር ወደ ዘመድ ቤት መውጣትና ለፖሊስ ማመልከት ይቀድማል፤ የትዳሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ነገሩን ለመጨበጥ እንዲመች አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው እንበል። ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ በባል ስም ተመዝግቧል። ሚስት በባሏ ቴሌግራም ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር የተጻጻፈውን አገኘች። የወሰለተችው ሚስት ብትሆንም አካሄዱ ያው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ከቤት አይውጡ፤ ምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ ፌስቡክ ላይም ሆነ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ምንም አይጻፉ። ለሁለቱም ወገን ወላጆችም ለጊዜው አይንገሩ። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ሰው በተጎዳ ጊዜ እናቱ ጋ መሄድ ይፈልጋል። ነገር ግን እርስዎ ይቅር ቢሉ እንኳ እናትዎ አይረሱትም። ከሦስት ዓመት በኋላ በፋሲካ ወይም በዒድ ማዕድ ላይ ነገሩ በአሽሙር ይነሣል። ይልቅስ አፉ የተዘጋና ለሁለታችሁም ቸር የሆነ አንድ ሰው ይምረጡ። ሚስጥሩን ብቻዎን መያዝም ጥሩ አይደለም፤ እንቅልፍና ምግብ ይነሣል፤ በእንቅልፍ እጦት ላይ የሚደረግ ውሳኔ ደግሞ የሚያስቆጭ ነው።

በዚያው ሳምንት የግድ መደረግ ያለበት ነገር ምርመራ ነው። ለኤችአይቪ የተጋለጡት ባለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ ነው ብለው ከጠረጠሩ ወደ ጤና ተቋም ፈጥነው ሄደው ከተጋላጭነት በኋላ ስለሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ይጠይቁ። መድኃኒቱ ለ28 ቀናት የሚወሰድ ሲሆን ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ጊዜው ያለፈ ከሆነ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ሄፓታይተስ ቢን ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ምን ዓይነት ምርመራ እንዳለም ባለሙያውን ጠይቁ። የዛሬ ነፃ መሆን ብቻውን አያስተማምንም። የተለመደው የጣት ደም ምርመራ በቅርቡ የገባን ቫይረስ ላያሳይ ስለሚችል በሦስት ወሩ መደገም አለበት። እስከዚያ ድረስ ግንኙነት ካለ በኮንዶም ይሁን። እርጉዝ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ለሐኪሙ ሁኔታውን ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ጉዳዩ የሕፃኑም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ውስልትና በታወቀበት ሰሞን ባልና ሚስት ከወትሮው በላይ በአልጋ የሚቀራረቡበት ጊዜ አለ። ሰውን የማጣት ድንጋጤ የሚያመጣው ነገር ስለሆነ የይቅርታም የፍቅር መታደስም ምልክት አድርገው አይውሰዱት።

እውነቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት

ብዙ ትዳር የሚፈርሰው በውስልትናው ሳይሆን እውነቱ እየተንጠባጠበ ሲወጣ ነው። ባል መጀመሪያ «መጻጻፍ ብቻ ነበር» ይላል። ከሳምንት በኋላ «አንድ ቀን ተገናኝተናል» ይሆናል፤ ከወር በኋላ ከዓመት በላይ የቆየ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሚስት በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ትሰማለች፤ በሦስተኛው ጊዜ እውነት ቢናገር እንኳ የምታምንበት አቅም አይኖራትም። ይህ ከመሆኑ በፊት ለወሰለተው ሰው በግልጽ ይንገሩት፦ «አሁን የምትነግረኝ ምንም ያህል ቢከብድ ልሰማው እችላለሁ። በኋላ ራሴ የማገኘው ግን ሁሉንም ነገር ያበቃል።»

ንግግሩ ልጆች በሌሉበት፣ በቀን፣ መጠጥ ሳይኖር ይሁን፤ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። ከምሽት እስከ ንጋት የሚዘልቅ ምርመራ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ለመገላገል ብሎ ያልሆነውንም «አዎ» ይላል። ጥያቄዎቹን አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። መቼ ተጀመረ? የት ትገናኙ ነበር፤ በቤታችን፣ በመኪናችን ሆኖ ያውቃል? ያለ ኮንዶም ነበር? እርግዝና ወይም ልጅ አለ? ከቤታችን ገንዘብ ስንት ወጣ? ማን ያውቃል? ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሌላስ ሰው ነበር? እነዚህ ለጤናም ለኑሮም ለውሳኔም የሚያስፈልጉ ናቸው።

በአልጋ ላይ የሆነውን ዝርዝር፣ የሰውነቷን ሁኔታ፣ «ከእኔ ትሻላለች?» የሚለውን ግን አይጠይቁ። መልሱ ለውሳኔ አይረዳም፤ የሚያወጣው ምስል ግን ከዓይን አይጠፋም፤ ለዓመታት ይመላለሳል። ጥያቄው አንገብጋቢ ሆኖ ከመጣ ወረቀት ላይ ጽፈው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላም ማወቅ ከፈለጉ ይጠይቁ። አብዛኛው ጥያቄ ሁለቱን ሳምንት አይሻገርም።

ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ደግመው ይጠይቁ። በጥቃቅኑ ነገር መለያየት፣ ወሩን ማሳሳት፣ ቦታ መርሳት ያለ ነው። በዋናው ነገር ላይ፣ ማለትም በጀመረበት ጊዜ፣ በሰዎቹ ብዛት፣ በገንዘቡና አሁን ባለበት ሁኔታ ላይ መልሱ ከተለወጠ የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት ነው።

ግንኙነቱ መቋረጡን ማየት

«ጨርሻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የማቋረጫው መልእክት በጽሑፍ፣ ሁለታችሁም እያያችሁ ይላክ፤ አጭርም ይሁን። በምሳሌያችን ባል ሊጽፍ የሚገባው ይህን ያህል ነው፦ «በመካከላችን የነበረው ነገር አብቅቷል። ያደረግሁት ስህተት ነው። ከሥራ ጉዳይ ውጭ አትደውዪልኝ፣ አትጻፊልኝ።»

ባሎች በራሳቸው ሲጽፉት ብዙውን ጊዜ ሌላ ይሆናል፦ «ሚስቴ ደርሳብኛለች፣ ለጊዜው ብናቆም ይሻላል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ሁለቱን ያስተያዩ። በሁለተኛው ውስጥ ሚስት እንቅፋት ናት፤ «ለጊዜው» የሚለው ቃል በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ይቅርታ የሚጠየቀው ደግሞ ከሌላዋ ሴት ነው። መልእክቱን የሚጽፈው እንዴት አድርጎ ነው የሚለው ብቻውን ስለ ልቡ ብዙ ይናገራል።

የሥራ ባልደረባ ሲሆን ሙሉ በሙሉ መለያየት አይቻልም። መጀመሪያ የክፍል ወይም የቅርንጫፍ ዝውውር ይጠየቅ፤ ማመልከቻውን ማስገባቱ በራሱ የሚታይ ነገር ነው። ካልተሳካ ደግሞ ከሥራ ውጭ የሆነ ማንኛውም ንግግር፣ በአሳንሰር ውስጥ ሰላምታም ቢሆን፣ በዚያው ዕለት ማታ ሳይጠየቅ ይነገር። ሳይጠየቅ የሚለው ላይ ይጽኑ፤ በጥያቄ የሚወጣ እውነት የጠያቂውን እንጂ የተናጋሪውን ጥረት አያሳይም።

ከግንኙነቱ ልጅ ከተወለደ «አንተ ከዚያ ቤት ጋር ጨርሰሃል» ብሎ መወሰን አይቻልም። ልጁ በአባቱ ላይ መብት አለው፤ ቀለብም ይገባዋል። ስለዚህ ለመቆየት የሚያስቡ ከሆነ የሚጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል፦ ገንዘቡ በየወሩ በምን መንገድ ይሄዳል፤ ልጁን የሚያየው የት ነው፤ ልጆቻችን መቼ ይሰማሉ? ከዚህ ጋር መኖር አልችልም ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ ማንም በጨካኝነት ሊከስዎት አይገባም።

የሦስት ወሩ ስምምነት

ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ስምምነት ይጻፉ። ይዘቱ እንደ ቤቱ ይለያያል፤ በምሳሌያችን ግን የሚከተለው በቂ ነው። የስልኩ መክፈቻ ለሁለቱም ይታወቃል፤ የደመወዝ ሂሳቡና የቴሌብር ዝርዝሩ በወሩ መጨረሻ በጋራ ይታያል፤ ከሰዓቱ የሚያዘገይ ነገር ሲኖር ከመዘግየቱ በፊት ይደወላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ፣ ስለ ጉዳዩ ብቻ ይወራል። የሚያበቃበት ቀን ከታች ይጻፍበት።

የመነጋገሪያ ቀን መቁረጥ ያስፈለገው ለሁለቱም ነው። ቀን ካልተቆረጠ የተበደለው ሰው በየእራቱ ያነሣዋል፤ የወሰለተው ደግሞ ከቤት መሸሽ ይጀምራል። ስልክ መፈተሹም ገደብ ይኑረው። በቀን አሥር ጊዜ ስልክ የሚፈትሽ ሰው እምነት እየገነባ አይደለም፤ ሰላሙን እያጣ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የተጻጻፉትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚቻል ባዶ ስልክ ንጹሕ መሆንን አያረጋግጥም። ከስልኩ ይልቅ ሰውየው የሚውልበትን፣ ገንዘቡን የሚያወጣበትንና ለጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ይመልከቱ።

በዚሁ ጊዜ፣ ለመለየት ባይወስኑም፣ የጋብቻና የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱን ውልና የክፍያ ደረሰኝ፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የአክሲዮን ወረቀትና የእቁብ ደብተር ኮፒ አድርገው ከቤት ውጭ ያስቀምጡ። ብቻዎን ቢኖሩ በወር የሚያስፈልግዎትንም ይደምሩ፦ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የሠራተኛ ደመወዝ። ከገቢዎ ቢበልጥ በምን ያህል እንደሚበልጥ በቁጥር ይወቁት። «ያለ እሱ አልችልም» የሚለው ፍርሃት ውስጥ ስንቱ የፍቅር፣ ስንቱ የኪራይ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ሂሳብ ነው። ጎዶሎው በቀለብ፣ በንብረት ድርሻ ወይም በተሻለ ሥራ የሚሞላ ከሆነ፣ የሚቆዩበት ምክንያት ኪራይ ሊሆን አይገባም።

ሽማግሌ፦ መቼና ለምን

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚገባው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ማታ ይመጣሉ፤ ባል ተነሥቶ ጉልበት ይስማል፤ ቡና ይጠጣል፤ ሚስት በእንግዳ ፊት «እሺ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ስታነሣ «የታረቅነውን ነገር ለምን ትቆሰቁሺዋለሽ?» ትባላለች። እውነቱ ሳይወጣ፣ ግንኙነቱ መቋረጡ ሳይታይ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው።

ሽማግሌ ከሁለተኛው ወር በኋላ ቢገባ ይመረጣል። ከየወገኑ አንድ አንድ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሦስተኛ ሰው ይበቃል። ወላጆች አይሁኑ። «ሴት ልጅ ችላ ነው የምትኖረው» የሚል ሰውም፣ ከደጅ ሳይወጣ ወሬውን የሚያዳርስ ሰውም አይሁን። ሲመጡ ሥራቸውን ይንገሯቸው፦ «አስታርቁን አላልንም። ይህ ስምምነት መፈጸሙን እዩልን፤ ያልተፈጸመውን ለሁለታችንም ንገሩን።» እንዲህ ሲባሉ ብዙ አባቶች በጥሩ ሁኔታ ይሠራሉ፤ ስምምነቱን የጣሰውን ሰው በፊቱ ይገሥጹታል። የንስሐ አባት፣ ፓስተር ወይም ኢማምም በዚሁ ልክ ይረዳሉ። ንስሐ የሰውየውና የፈጣሪው ጉዳይ ስለሆነ ግን «ተናዝዣለሁ» ማለት ለሚስት ለመመለስ የሚገባውን ጥያቄ አያስቀረውም።

በሦስት ወሩ ማብቂያ የሚታየው

ስምምነቱን አውጡና ነጥብ በነጥብ እዩት። ከሁሉም የሚያመዝኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጥፋቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። «አንቺ ቸል ብለሽኝ ነበር» የሚል ሰው ስለ ትዳሩ ድክመት እውነት ሊናገር ይችላል፤ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስልትናውን ለእርስዎ ሲያሸክም ግን ነገ ሌላ ድክመት ሲገኝ ሌላ ፈቃድ ያገኛል። «ተከፍቼ ነበር፤ ግን መንገዱን የመረጥሁት እኔ ነኝ» የሚለው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ለተደጋገመ ጥያቄ ያለው ትዕግሥት ነው። የተበደለ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ይጠይቃል። በስድስተኛው ሳምንት «እስከ መቼ ነው?» ብሎ በር ዘግቶ የሚወጣ ሰው የሚፈልገው ትዳሩን ሳይሆን ወሬው እንዲያልቅለት ነው። እየደከመው፣ እያፈረ ቁጭ ብሎ የሚመልስ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ሦስተኛው አዲስ ውሸት ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። በሦስት ወር ውስጥ፣ እየታየ መሆኑን እያወቀ፣ ከሴትየዋ ጋር ተደብቆ የተገናኘ ወይም ሌላ ሂሳብ የከፈተ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠባይ የሚያሳይበት ጊዜ አይመጣም። እዚህ ላይ ሌላ ሦስት ወር መጨመር አንመክርም።

የወሰለተው ሰው ሁሉንም በሚገባ ፈጽሞም እርስዎ መቆየት ላይፈልጉ ይችላሉ። ሲነካዎት ሰውነትዎ የሚሸሽ፣ ድምፁን ሲሰሙ የሚከብድዎት፣ በሦስት ወርም ያልቀለለ ከሆነ እሱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ የመቆየት ግዴታ የለብዎትም። እንደዚህ በሚሆንበት ጊዜ ግን ከመወሰንዎ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው፤ የድባቴ ስሜት እንደ ጥላቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

መለየት ከሆነ

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ዝርዝሩን እዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ሕግ ፍቺ በሁለት መንገድ ይገኛል፦ በስምምነት ወይም በአንደኛው አቤቱታ። ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ማፋታት አይችልም፤ ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ እንድታስቡበት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ለመፋታት ውስልትናውን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ስለዚህ ሰው ማስከተል፣ ሌሊት ስልክ ሰርቆ ፎቶ ማንሣት፣ ሴትየዋ ቤት መሄድ ድካም ብቻ ነው። ማስረጃ ሊጠቅም የሚችለው ለፍቺው ምክንያት የሆነው ሰው ካሣ እንዲከፍል በአንቀጽ 84 ከጠየቁ፣ ወይም የጋራ ገንዘብ መባከኑን ለማሳየት ከፈለጉ ነው። ምንዝር በ1996ቱ የወንጀል ሕግም በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል። ሆኖም የልጆች ቀለብ ከፋዩን ማሳሰር ለልጆቹ ጥቅም ሲሆን እምብዛም አይታይም፤ ክሱን ማስፈራሪያ ማድረግ ደግሞ ስምምነቱን ሁሉ ይመርዛል።

ኮንዶሚኒየሙ በባል ስም መሆኑ የእሱ ብቻ አያደርገውም። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በመርሕም እኩል ይከፈላል። ቤቱን ያለ ሚስት ስምምነት መሸጥ አይቻልም። ከቤት መውጣት ድርሻን ባያሳጣም፣ ልጆቹን ትቶ መውጣት በኋላ በአስተዳደግ ክርክር ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ አቤቱታውን ሲያስገቡ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑና ቀለቡ ስንት እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ አብረው ይጠይቁ። በሕግ ሳይጋቡ አብረው የኖሩም ቢሆኑ ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

መቆየት ከሆነ

ስምምነቱ በአንድ ሌሊት አይቀደድም። የመነጋገሪያው ቀን በሳምንት ወደ አንድ፣ ከዚያም በወር ወደ ሁለት ይቀንስ፤ የገንዘቡ ግልጽነት ግን እንዳለ ይቀጥል። የደረሱበት ቀን በዓመቱ ሲመጣ ሰውነት አስቀድሞ ያስታውሰዋል፤ በዚያ ሰሞን ቁጣና እንባ ቢመለስ ይቅርታው ፈርሷል ማለት ስላልሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ አውቃችሁ ጠብቁት። ልጆቹ ጩኸቱን ከሰሙ «እናትና አባታችሁ ተጣልተን ነበር፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ እያስተካከልን ነው» ይበቃቸዋል። የሴትየዋ ስምም ሆነ የሆነው ዝርዝር በልጆች ጆሮ አይግባ፤ ብትለያዩም እንዲሁ።